አረንጓዴ ሽፋን፣ ቀይ አፈር፣ «ታራ» የምትባል ልጅ፦ ርዕሱ የጠፋ መጽሐፍ እንዴት ይገኛል?

ጅማ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት እየገዛሁ መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከሚመጡልኝ ሰዎች መካከል ርዕስ ይዘው የማይመጡት ቀላል አይደሉም። «ወፍራም ልብ ወለድ ነው፣ ልጅ እያለሁ ያነበብኩት፣ ሽፋኑ ቀይ ነው» ይሉኛል። ከእንዲህ ዓይነት ፍርፋሪ ተነስቶ መጽሐፉ ላይ መድረስ ይቻላል። ግን ከሚነገረን ነገር የትኛው እንደሚታመን፣ የትኛው እንደሚያሳስት መለየት ያስፈልጋል። ከሰሞኑ ፍለጋዎቼ አንዱን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ፤ አሠራሩ በሙሉ እሱ ውስጥ አለ።

ባለፈው ክረምት ነው። ዝናቡ እንደ ጅማ ዝናብ ሳያቋርጥ ሲወርድ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ለመጠለል ገቡ። ሻይ አዘዝኩላቸው፤ ሲጠጡ መጽሐፎቹን ያያሉ፣ ያያሉ። ከዚያ «አንድ መጽሐፍ ነበር፣ እንዲያው ስሙ ጠፋኝ» አሉኝ። ወረቀት አወጣሁና «እትዬ፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ እንዳመጣልዎት ይንገሩኝ፤ እኔ አላቋርጥዎትም» አልኳቸው። የጻፍኩት ይህን ነው፦

«ታራ የምትባል ልጅ ናት። ጦርነት አለ። አገሩ ቀይ አፈር ነው፣ እንደኛው። ልጅቷ ርቧት ከጓሮ ጎደሬ ነቅላ ጥሬውን በላች፤ ከዚያ ሁለተኛ አልራብም ብላ ማለች። አንዲት ሴት ደግሞ ጦሩ ከተማው ደጃፍ ደርሶ ምጥ ይይዛታል፤ ሐኪም የለ፣ አዋላጅ የለ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በገና የሚደረድር ዓይነ ስውርም ነበረ። የጣሊያን ጊዜ ታሪክ ይመስለኛል። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፤ እሱን መቼም አልረሳም።»

በራሳቸው አነጋገር መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ገና ሳይጨርስ «እገሌ የጻፈው ይሆን?» ካልነው፣ ከዚያ በኋላ የሚነግረን የራሱን ትዝታ ይሁን እኛ የሰጠነውን ፍንጭ መለየት አይቻልም። ትዝታ ክፍተቱን በቀረበለት ነገር ይሞላል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ አዳምጣለሁ፣ ቀጥሎ እጠይቃለሁ፤ ጥያቄዬም «አውሮፕላን ነበር አይደል?» ሳይሆን «ጦርነቱ በምን በምን ነበር?» የሚል ነው።

ከሁሉም በጣም እርግጠኛ የነበሩበት ቀለሙ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ የማምነው ቀለምን ነው። አንደኛ፣ አንድ መጽሐፍ በታተመ ቁጥር ሽፋኑ ሊለወጥ ይችላል፤ ታላቅ ወንድም በሰማያዊ ያነበበውን ታናሹ በቀይ ሊያነበው ይችላል። ሁለተኛ፣ ፀሐይ አለ። የሽፋን ሥዕል በአብዛኛው የሚታተመው ከአራት ቀለማት ድብልቅ ነው፤ ሰማያዊ፣ ሮዝ መሰል ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ብርሃን ሲመታቸው ቢጫውና ቀዩ ቶሎ ይለቃሉ፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። አረንጓዴ ማለት ሰማያዊና ቢጫ አንድ ላይ ነውና፣ መስኮት ዳር ጥቂት ዓመት የቆመ አረንጓዴ ሽፋን ቢጫውን ያጣና ወደ ሰማያዊ ያደላል። እንግዲህ አንድ ሰው «ሰማያዊ ነው» ቢለኝ፣ አዲስ ሆኖ ነው ያዩት ወይስ አርጅቶ ብዬ እጠይቃለሁ። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም የሚገርመው ነው፣ ቦታው ሲደርስ እናየዋለን።

ቀጥሎ የጠየቅኳቸው ስለ ታሪኩ አልነበረም፤ የት ሆነው እንዳነበቡት ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትርፍ ወሬ ያየዋል። ለእኔ ግን ዋናው መረጃ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቦታው መጽሐፉ በምን መንገድ እጃቸው እንደገባ ይነግረኛል። ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የተወሰደ፣ ከዘመድ የተዋሰና ከአከራይ የተከራየ መጽሐፍ የተለያየ ዓይነት ነው። መምህርቷ መርካቶ አጠገብ ካለ አከራይ ወስደው፣ ሐኪም ቤት ግቢ ውስጥ እህታቸውን እየጠበቁ እንዳነበቡት ነገሩኝ። እህታቸው ልትወልድ ገብታ ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር አገኘሁ። የመጀመሪያው ዘመኑ ነው። ሰው መጽሐፍ ያነበበበትን ዓመት በቀጥታ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ልጅ የተወለደበትን ግን አይስትም። እህታቸው ዘንድ ደወሉ፤ ልጅቷ የተወለደችው ሐምሌ 1986 ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የታተመውን ሁሉ ከዝርዝሬ አወጣሁ።

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። ኪራዩ የሚቆጠረው በቀን ነበር። «ከሳምንት በላይ ቆየብኝና ሒሳቡ አስደነገጠኝ» አሉ። በፍጥነት የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ መጽሐፉ በጣም ወፍራም ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ሽፋኑን የሚመለከት ነው። አከራዮች መጽሐፍ ቶሎ እንዳይቀደድባቸው በካኪ ወረቀት ይለብጡታል፤ ላዩ ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ «ሽፋኑ ላይ ምን ተስሏል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «ካኪ የለበሰ ነበር መሰለኝ» አሉ። ካኪ ከለበሰ አረንጓዴውን የት አዩት? እሳቸውም ግራ ገባቸው። እኔ አረንጓዴውን አልሰረዝኩትም፤ ከ«ሽፋን» ላይ አንስቼ ወረቀቱ ጥግ ላይ ብቻውን ጻፍኩት። ትዝታ ነገሩን ይይዝና የነበረበትን ቦታ ያሳስታል። ቀለሙ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሽፋኑ ላይ መሆኑ ግን ላይሆን ይችላል።

ለስምም ሕጉ ይኸው ነው። ድምፁ ይቀራል፣ ባለቤቱ ይጠፋል። «ታራ»ን ይዤ «ልጅ ናት» የሚለውን ለጊዜው ተውኩት። «ታራ የሚለው ቃል በምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ትዝ የሚልዎት?» አልኳቸው። አሰቡና «ወደ ታራ እሄዳለሁ፣ ወደ ታራ መመለስ አለብኝ… እንዲህ ሲባል ነው» አሉኝ። ወደ ሰው እንሄዳለን፤ «መመለስ አለብኝ» የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤት፣ ወደ አገር ነው። ታራ ቦታ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን የቀረው «የጣሊያን ጊዜ» የሚለው ነው። ይህ ትዝታ ሳይሆን የእሳቸው ድምዳሜ ነው፤ «ይመስለኛል» ብለውኛልና። ሰው የነገረንን ስንጽፍ ያየውንና የገመተውን ለይቶ መጻፍ ግድ ነው። የጣሊያንን ወረራ የሚተርክ መጽሐፍ አውሮፕላን፣ ቦምብ፣ የመርዝ ጋዝ፣ አርበኛና ባንዳ አይጠፋውም። «ጦርነቱ በምን በምን ነበር?» አልኳቸው። «መድፍ፣ ፈረስ፣ እሳት። ከተማው ሲቃጠል ሰማዩ ቀልቶ ነበር» አሉ። «ጠላትየው በምን ቋንቋ ነበር የሚያወራው?» ስላቸው ደግሞ ቀና ብለው አዩኝና «ያው በራሳቸው ቋንቋ ነው እኮ» አሉ። የወንድማማች ጦርነት፣ ከአውሮፕላን በፊት የሆነ፣ የልጅቷ ወገን የተሸነፈበት።

ቀይ አፈሩስ? የጅማ አፈር ቀይ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ጫማችን ላይ የሚቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንባቢ የማያውቀውን አገር በሚያውቀው ይተካዋል። ጎደሬውም እንዲሁ ነው። ጎደሬ በእኛ አካባቢ በየጓሮው አለ፤ መጽሐፉ ውስጥ የነበረው ግን ሌላ ሥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጎደሬ» ያሉትን «ከመሬት ተነቅሎ ጥሬውን የሚበላ ሥር» ብዬ አሰፋሁት። ዝርዝሩን እንዲህ አንድ ደረጃ ሰፋ ማድረግ ፍለጋውን ያድነዋል። በ«ጎደሬ» ብንፈልግ ኖሮ የትም አንደርስም ነበር።

ታሪኩ የውጭ አገር ከሆነ መጽሐፉ ትርጉም ነው ማለት ነው። ለትርጉም መጽሐፍ የምከተለው መንገድ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ዋናውን መጽሐፍ በውጭ ቋንቋ ማግኘት፣ ከዚያ ወደ አማርኛው መመለስ። ስለ ታዋቂ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የተጻፈ የታሪክ ማጠቃለያ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ስለ አማርኛ መጻሕፍት ግን በጣም ጥቂት ነው። ስልኬ ላይ የጻፍኩት ይህን ነበር፦

```
novel "Tara" home civil war woman digs root vow never hungry again
```

ርዕስ የለም፣ ደራሲ የለም፣ ቀለም የለም። ያሉት አንድ ስምና ሌላ መጽሐፍ ውስጥ በቀላሉ የማይደገም አንድ ትዕይንት ናቸው። «ፍቅር ነበር፣ ጦርነት ነበር» ብሎ መፈለግ ለሺህ መጽሐፍ ይሆናል። ርቧት ሥር ነቅላ የበላችና የማለች ሴት ግን ብዙ የለችም። መልሱ ወዲያው መጣ፤ Gone with the Wind የተባለው የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ ነው፣ በ1936 እንደ ፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ የታተመው። ታራ የልጅቷ አባት የእርሻ ቦታ ነው። አፈሩ የጆርጂያ ቀይ አፈር ነው። የነቀለችው ፍጅል ነው፣ ራዲሽ የምንለው። ሴትየዋ የወለደችው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አትላንታ በሰሜኖቹ ጦር እጅ ልትወድቅ ስትል፣ በ1864 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ፈላጊ ይቆማል፤ ምክንያቱም የእንግሊዝኛውን ርዕስ ወደ አማርኛ ይመልስና «ከነፋስ ጋር» የሚል መጽሐፍ ይፈልጋል። እንደዚያ የሚባል መጽሐፍ ሲያጣ «አልተተረጎመም» ብሎ ይተዋል። የአማርኛው ርዕስ ግን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ይባላል። ተርጓሚው ነቢይ መኮንን ነው፤ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው። (ይህን ሳስብ መጽሐፉን በእጄ ስይዝ አሁንም ይከብደኛል።) ርዕሱን የወሰደው ከመጽሐፉ የመጨረሻ ቃላት ነው። ደራሲዋም ራሷ ስትጽፍ መጽሐፉን ስትጠራው የነበረው በዚሁ አነጋገር ነበር። ስለዚህ የትርጉም መጽሐፍ ሲፈለግ ርዕስን ተርጉሞ መፈለግ ዋጋ የለውም። የሚያዋጣው በደራሲው ስም መሄድ ነው፤ ያውም በየአጻጻፉ፦ ሚቼል፣ ሚቸል፣ ሚሼል።

አጻጻፍ ካነሳሁ፣ አማርኛ ርዕስ በካታሎግ ሲፈለግ የሚያሰናክለን ነገር አለ። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ዕድለኛ ርዕስ ነው፤ አንድም ሞክሼ ፊደል የለበትም። «ፀሐይ» የሚል ቃል ያለበት ቢሆን ኖሮስ? መጀመሪያዋ ጸ ወይም ፀ፣ መካከለኛዋ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ልትሆን ትችላለች። አንዲት ቃል አሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አላት ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እያንዳንዱን የተለየ ቃል አድርጎ ያየዋል። አንዱን ሞክሮ «የለም» ሲል ማመን አይገባም። ሞክሼ ፊደል የሌለበትን ሌላ ቃል ከርዕሱ መርጦ በእሱ ብቻ መፈለግ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ፣ ለምሳሌ worldcat.org ላይ፣ የአማርኛ ርዕስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው በላቲን ፊደል ነው፤ ያውም እኛ ስልክ ላይ እንደምንጽፈው አይደለም። በእነሱ ሥርዓት ግዕዙ «ነ» na፣ «ገ» ga ነው የሚሆነው። እኛ negem lela ken new ብለን የምንጽፈው በዚያ ሥርዓት እንዲህ ይሆናል፦

```
Nagam lela qan naw
```

ዓመቱም እንዲሁ መመለስ አለበት። መጽሐፋችን ላይ 1986 የሚል ካለ፣ እሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ በፈረንጅ 1993፣ ከዚያ በኋላ 1994 ነው። በካታሎግ ስንፈልግ ሁለቱንም ዓመት መሞከር ነው። ኢንተርኔቱ ሳይረዳ ሲቀር ደግሞ በአካል የሚኬድበት ቦታ አለ፤ አገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ በሕግ ቅጂው የሚገባበት ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው መላክ ይችላል።

ግን ርዕስ ስላገኘን መጽሐፉን አገኘን ማለት አይደለም። ጉጉት ያለው ሰው «አዎ እሱ ነው!» ለማለት ይቸኩላል፤ ታሪኩን ከነገርነው ደግሞ የነገርነው ሁሉ ትዝ ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ ለመምህርቷ ርዕሱን ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ሦስት ጥያቄ አዘጋጀሁ፤ ሁለቱ መልሳቸው መጽሐፉ ውስጥ ያለ ግን እሳቸው ያላነሱት፣ አንዱ መጽሐፉ ውስጥ ጨርሶ የሌለ።

የሌለውን ቀድሜ ጠየቅኩ፤ «ልጅቷ ትምህርት ቤት ከፍታ ስታስተምር ያለው ክፍል ትዝ ይልዎታል?» መምህርት ናቸውና ደስ ሊላቸው የሚችል ነገር ነው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ «እንዲህ ያለ ነገር የለበትም» አሉ። አዎ ቢሉኝ ኖሮ የቀረውን መልሳቸውንም በጥርጣሬ አየው ነበር። ቀጥዬ «ያቺ የወለደችው ሴት ከከተማው እንዴት ወጣች?» አልኩ። «በጋሪ። ፈረሱ ሊሞት የደረሰ፣ በሽተኛ ነው» አሉ። ትክክል ነው።

ሦስተኛው «ልብስን በሚመለከት የሚያስታውሱት ነገር አለ?» የሚል ነበር። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«መጋረጃው! የእናቷን መጋረጃ አውርዳ ቀሚስ አሰፋች። ድሃ መሆኗ እንዳይታወቅባት። አረንጓዴ…» ብለው ዝም አሉ።

አረንጓዴ ከፋይ ነው። ልጅቷ ለእርሻው ግብር የሚከፈል ገንዘብ ልትለምን ስትሄድ፣ ያላት ልብስ ተቀዳዶ ስላለቀ የእናቷን የሳሎን መጋረጃ አውርዳ ታሰፋለች። መጽሐፉ ሲጀምርም የለበሰችው አረንጓዴ ነው፤ ዓይኗም አረንጓዴ ነው። መምህርቷ ለዓመታት ሽፋን ላይ ያዩ የመሰላቸው ቀለም ከታሪኩ የወጣ ነው። ስለ ቀለም ሦስተኛው ምክንያት ያልኩት ይህ ነው፤ በንባብ ጊዜ በአእምሮ ጎልቶ የታየ ቀለም ኋላ ሽፋኑ ላይ ይለጠፋል። አሁን ሰው ቀለም ሲነግረኝ «ታሪኩ ውስጥስ ይህ ቀለም ነበረ?» ብዬ መጠየቄን አልረሳም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ስህተት ስላለ እሱንም ላንሳው። አንዳንዱ ሰው «አንብቤዋለሁ» የሚለውን መጽሐፍ ያነበበው አይደለም፣ የሰማው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ስንት ሰው አለ! ምልክቱ ግልጽ ነው። የሰማ ሰው ድምፅ ያስታውሳል፤ ውፍረት፣ የፊደል መጠን፣ ገጹ ላይ የነበረ እድፍ ግን አያስታውስም። ሽፋኑን ስትጠይቁት ወይ ይገምታል ወይ ይናደዳል። እንዲህ ያለውን ሰው የት እንዳነበበ ከመጠየቅ ከማን ጋር ሆኖ እንደሰማ መጠየቅ ይሻላል።

ቅጂውን አዲስ አበባ ያለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ወዳጄ አገኘልኝና በአውቶቡስ ላከው። የፊት ሽፋኑ ተገንጥሎ ጠፍቶ በጥቁር ካርቶን ተጠርዟል፤ ስለዚህ ሽፋኑ ምን ይመስል እንደነበር በዚህ ቅጂ ማየት አልተቻለም። መምህርቷ መጥተው ቆመው ገጹን ያገላብጡ ጀመር። መሐላውን አገኙት፣ ጣታቸውን አኖሩበትና ሳይቀመጡ አነበቡት።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። «በገና ደርዳሪው የለም» አሉኝ። አዎ፣ ሊኖር አይችልም። ወረቀቴ ላይ ያኔውኑ ከበብኩት፤ ከሌሎቹ ጋር አልገጠመምና። ሁለት መጽሐፍ በአንድ ሰሞን ከተነበበ አንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ይዘላል። በዚያች ሐምሌ ከአከራዩ የወሰዱት ሌላ መጽሐፍ ነበረ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ የአገራችን ነው፣ ከ1986 በፊት የታተመ ነው፣ ቀጭንም ሊሆን ይችላል፤ የተጨነቁበት ኪራይ የወፍራሙ ብቻ ነውና። አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ላዩ ላይ «ዓይነ ስውር፣ በገና፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ» ብዬ ጻፍኩና፣ ዓይነ ስውሩ ምን እያለ ይደረድር እንደነበር ጠየቅኳቸው።